ለሚያረፍድ ሠራተኛ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ፦ ጥብቅም ፍትሐዊም እንዲሆን እንዴት ልጻፈው?

የሰው ኃይል ክፍል፣ ኮምቦልቻ

እንደምን ሰነበታችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ከደሴ እየተመላለሰች የምትሠራ ሴት ናት። ከእኛ ጋር አራት ዓመት ሠርታለች፤ በዓመታዊ ቆጠራ አንድም ጊዜ ጉድለት ተገኝቶባት አያውቅም። ከጥቅምት ወዲህ ግን ማርፈድ ጀምራለች።

ሥራ የምንጀምረው ጠዋት 2፡00 ነው። መጋዘኑን የምትከፍተው እሷ ስለሆነች እሷ ካልደረሰች ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። መኪኖቹ ከበሩ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ይሰለፋሉ። ጫኝና አውራጆቹ የሚከፈላቸው በጫኑት ኩንታል ልክ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ የሚጎዳው የእነሱ ኪስ ነው። አሁን እነሱም ማጉረምረም ጀምረዋል። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ እንድጽፍላት አዘዙኝ። ረቂቁ ይህን ይመስላል፦

«በተደጋጋሚ የሥራ ሰዓት ባለማክበርዎ በድርጅቱ ላይ ከፍተኛ በደል እያደረሱ ስለሆነ፣ ከዚህ ድርጊትዎ እንዲቆጠቡ በጥብቅ እያስጠነቀቅን፣ የማይታረሙ ከሆነ ግን አስፈላጊውን እርምጃ የምንወስድ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ደብዳቤው ሕጋዊ ክብደት እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ነገር ግን እንደዚህች ያለች ሠራተኛ አንገቷን ደፍታ እንድትሠራ ወይም ተቀይማ እንድትለቅ አልፈልግም። ልምድ ያላችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

ነጋዴ ከደሴ

ወንድሜ፣ ነገሩን አታክብደው። ሕጉ የሚለው ሦስት ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ የመጨረሻ፤ ከዚያ ስንብት። እስከዚያው ባረፈደችበት ቀን ሁሉ የአንድ ቀን ደመወዝ ቁረጥ። ኪስ ሲነካ ሰዓት ይከበራል። አንድ ነገር ግን ልምከርህ፤ ቂም እንደያዘ ሰው አጠራቅመህ አትጠብቅ። ባረፈደች ማግስት ንገራት። እኔ ሱቅ ውስጥ የማደርገው እንደዚያ ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ ጡረተኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ስለሆነ የማውቀውን ልበል።

ነጋዴው ወንድማችን «ሳታጠራቅም ንገር» ያሉት ልክ ነው። ሦስት ማስጠንቀቂያ የሚለው ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ውስጥ የለም። የሚገኘው በየድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ውስጥ ነው፤ የእናንተ ደንብ ሦስት ብሎ ከሆነ በእርግጥ ራሳችሁን አስራችኋል፤ መጀመሪያ እሱን ተመልከት። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 የሚናገረው ስለ ስምንት ጊዜ ነው፤ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተጠነቀቀ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈደ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። የማርፈዱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያገኘ ከሆነ ግን አይቆጠርም።

ስለ ደመወዝም እንዲሁ። ላልተሠራ ሰዓት አለመክፈል አንድ ነገር ነው፤ ሃያ ደቂቃ ላረፈደ ሰው የሙሉ ቀን መቁረጥ ሌላ ነው። ሁለተኛው ቅጣት ነው። ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተደገፈ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማበት አይቆረጥም። ሲቆረጥም በጠቅላላው ከወር ደመወዙ ሲሶ ማለፍ አይችልም።

አሁን ወደ ረቂቅህ ልምጣ። ይህ ደብዳቤ ስሙ ተቀይሮ ለየትኛውም ፋብሪካ፣ ለየትኛውም ሠራተኛ ሊሰጥ ይችላል። ቀን የለውም፤ ሰዓት የለውም። ነገ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው የሚጠይቁህ «መቼ መቼ? ስንት ሰዓት ላይ? በምን ታወቀ?» ብለው ነው። «በተደጋጋሚ» የሚለው ቃል መልስ አይሆንህም። «በደል እያደረሱ» የሚለው ደግሞ ክስ ነው፤ ሴትዮዋ በደል ለማድረስ አስባ እንዳረፈደች ታውቃለህ? የምታውቀው መጋዘኑ ዘግይቶ መከፈቱን ነው፤ እሱን ጻፍ። «አስፈላጊውን እርምጃ» የሚለውም ምን እንደሚመጣ ስለማይናገር ሰውን ያስፈራል እንጂ አያሳውቅም።

ሌላ ቃል ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። የሰዓት መቆጣጠሪያውን መዝገብ አውጣና ያረፈደችባቸውን ቀናት ከነደቂቃቸው በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረህ ወደዚህ አምጣው።

የስፌት ሠራተኛ

እኔ የምሠራው ሌላ ድርጅት ነው። የሚያመላልሰን የድርጅቱ ሰርቪስ ነው። ሰርቪሱ ሲዘገይ የሁላችንም ስም በዘገዩ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። አሻራ ለመስጠትም ሰልፍ አለ፤ ቀድመህ ደርሰህ ሰልፉ ውስጥ ሰዓቱ ያልፍብሃል። አንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና «ያመጣኝ እኮ የእናንተው መኪና ነው» ብዬ ብናገር የሚሰማኝ አላገኘሁም። ጠያቂው ወንድሜ፣ የእናንተ ማሽን የት ነው የተተከለው? በሩ ላይ ነው ወይስ ውስጥ?

የሰው ኃይል ክፍል፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ የእኛ በሩ ላይ ነው፤ የምንገባውም ጥቂት ሰዎች ስለሆንን ሰልፍ የለም። የአንቺን ጉዳይ ግን ለሠራተኛ ማኅበሩ በጽሑፍ አሳውቂ፤ የዘገየው የአሠሪው መኪና ከሆነ ያረፈድሽው አንቺ አይደለሽም።

ጋሼ፣ መዝገቡን አውጥቻለሁ። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚመዘግብ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼዋለሁ። ጥቅምት 3 ቀን 2፡22፤ ጥቅምት 4 ቀን 2፡31፤ ጥቅምት 14 ቀን 2፡18፤ ጥቅምት 17 ቀን 2፡40፤ ጥቅምት 27 ቀን 2፡26፤ ጥቅምት 28 ቀን 2፡35። ስድስት ጊዜ ነው። ጥቅምት 18 ቀን የቅርብ አለቃዋ በቃል ተናግረዋታል። ሌላውን ቀን ሁሉ ከ2፡00 በፊት ነው የገባችው።

የሠራተኛ ጉዳይ ጡረተኛ

ይኸውልህ፣ ወረቀቱ መናገር ጀመረ። ሁለት ነገር አየሁበት።

አንደኛ፣ ጥቅምት 17 ሰኞ ነው፤ 40 ደቂቃ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ያን ቀን ከደሴ የሚመጡት ሌሎች ሠራተኞች ስንት ሰዓት ገቡ? ያንን ቁልቁለት ጠዋት ጉም ሲሸፍነው ወይም አንድ ከባድ መኪና ሲቆምበት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እነሱም ዘግይተው ከሆነ ያን ቀን ከዝርዝሩ አውጣው። አንድ የማይገባ ቀን ከተገኘበት የቀረውም ዝርዝር ይጠረጠራል።

ሁለተኛ፣ ቀኖቹ ተጠጋግተው ነው የመጡት። 3 እና 4፤ 27 እና 28። በመካከሉ በሰዓቷ ትገባለች። እንቅልፍ የሚጥለው ሰው እንዲህ አያረፍድም፤ እሱ አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ነው። ይህ በእነዚያ ቀናት ብቻ የሚመጣ አንድ ነገር እንዳለ ያሳያል። ምን እንደሆነ አንተም እኔም አናውቅም። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት ጥራትና ወረቀቱን ፊቷ አስቀምጠህ «እነዚህ ቀናት ምን ነበሩ?» ብለህ ጠይቃት። «ለምን ታረፍጃለሽ?» ብለህ ከጀመርክ የምታገኘው ይቅርታ ብቻ ነው። ስትጠራትም በሩን ዝጋ፤ ሌላ ሰው አይኑር።

መምህር ከሐይቅ

እኔም ባለፈው ወር እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኛል። ስምንት ጊዜ የሚለውን ስላነበብኩ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ያረፈድኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ የሰጡኝ ማስጠንቀቂያ ውድቅ ነው ማለት ነው?

የሠራተኛ ጉዳይ ጡረተኛ

አይደለም መምህር። አንደኛ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ከሆነ የሚገዛዎት ይህ አዋጅ ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ ስምንት የሚለው ቁጥር ለስንብት እንጂ ለማስጠንቀቂያ አይደለም። በግል ድርጅትም ቢሆን ከስምንቱ በፊት ነው ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው። የራስዎን ጉዳይ የክልሉን ሕግ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ።

የሰው ኃይል ክፍል፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ እንዳሉት አደረግሁ። ጥቅምት 17 ከደሴ የሚመጡት ሌሎች ሦስት ሠራተኞችም ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ዘግይተዋል፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ አምስት ጊዜ ቀረ።

ዛሬ ኅዳር 1 ቀን ጠርቼ አነጋገርኳት። ወረቀቱን ሳስቀምጥላት ስልኳን አውጥታ ቀኖቹን ከአንድ ነገር ጋር ማስተያየት ጀመረች። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ልጃቸውን መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርሰው እሱ ሲሆን ጭነት ይዞ ሲወጣ ግን ተራው የእሷ ነው። አምስቱም ቀን እሱ መንገድ ላይ የነበረባቸው ናቸው። የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ከ1፡30 በፊት አይከፈትም። ልጁን አስገብታ መናኸሪያ እስክትደርስ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል እስክትመጣ ድረስ በጣም ቢቀና 2፡20 ገደማ ይሆናል። በእነዚያ ቀናት በ2፡00 መድረስ ጨርሶ የማይቻል ነው። ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት «ቤቴን ወደ ሥራ አላመጣም ብዬ ነው» አለችኝ።

አሁን ጭንቀቴ ሌላ ሆኗል። በእነዚያ ቀናት 2፡30 እንድትገባና 11፡30 እንድትወጣ ማድረግ እችላለሁ፤ ከምሳ ሰዓት ውጭ ያው ስምንት ሰዓት ይሞላል። ግን መጋዘኑን ማን ይከፍታል? ቁልፉን ለሌላ ሰው ብሰጥና ነገ ጉድለት ቢገኝ ተጠያቂው ማን ይሆናል?

እናት ከቧንቧ ውሃ

አላህ ይስጥህ ወንድሜ፣ ጠርተህ መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ምክንያቷን ካወቅህ፣ መድረስ እንደማትችልም በራስህ አፍ ካልህ ማስጠንቀቂያው ለምን አስፈለገ? የሰዓት ማስተካከያውን ስጣትና በቃ። በአንድ እጅ እየደገፍክ በሌላው ማህደሯ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ስታስቀምጥ፣ ነገ አዲስ አለቃ ሲመጣ የሚያነበው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ ጡረተኛ

እህቴ፣ ሥጋትሽ እውነተኛ ነው፤ አዲስ አለቃ ማህደር ሲያገላብጥ ብዙ አይቻለሁ። መፍትሔው ግን ድጋፉንም ማስጠንቀቂያውንም በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ይመስለኛል። ማንም አንዱን ነጥሎ ሊያነብ አይችልም። ድጋፉ በቃል ብቻ ከቀረ አዲሱ አለቃ «ማን ፈቀደልሽ?» ይላታል፤ ምንም የምታሳየው አይኖራትም። ወረቀቱ ለእሷም መከላከያዋ ነው።

ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ እንተወው ካልን ደግሞ እነዚያ ጫኞች አሉ። አምስት ጠዋት ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመው ጠብቀዋል። ሠራተኛዋም ቢሆን ችግሯን አስቀድማ መናገር ትችል ነበር፤ በቃል ከተነገራት በኋላም ሁለት ቀን አርፍዳ ምክንያቱን አልተናገረችም። የሚቀረው ጥፋቷ እሱ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ግን አለ።

እናት ከቧንቧ ውሃ

አንድ ወረቀት ይሁን ባሉት አልስማማም። ሁለት ወረቀት ቢሆን ድጋፉ በክብር ይቀመጥ ነበር። እሷ ያልተናገረችውም ሴት ስለሆነች ነው፤ ልጅ አለኝ ብላ ብታስረዳ «ሥራ ወይ ልጅ ምረጪ» እንዳትባል ፈርታ ነው። ወንዱ ሹፌር ለአለቃው «ልጅ ማድረስ አለብኝ» ብሎ ጉዞ ቢያስቀር ኖሮ ደብዳቤው የሚጻፈው ለእሱ ነበር። ይህን ደግሞ እናንተ ደብዳቤ ጻፊዎች አስቡበት።

የመጋዘን ሰው

ስለ ቁልፉ እኔ ልመልስ። በግምጃ ቤት ሥራ ነው ያረጀሁት። ቁልፉን በፍጹም ለሁለተኛ ሰው አትስጥ! ቁልፍ የተጋራ ዕለት ጉድለቱ የማንም አይደለም፤ እሷም በዚህ አትስማማም፤ ልክ ናት።

እንዲህ አድርጉ። በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የሚጫኑት መኪኖች ማታውኑ ይታወቃሉ፤ ሽያጭ ክፍሉ የወጪ ማዘዣውን ከ10፡00 በፊት ያድርስላት። እሷ ለሁለት ወይም ለሦስት መኪና የሚሆነውን ዱቄት ከመጋዘኑ አውጥታ፣ ለብቻው የሚቆለፍ ክፍል ወይም በሽቦ የታጠረ ቦታ ካላችሁ እዚያ ትደርድረው። ኩንታሉን ከፈረቃ ኃላፊው ጋር ሆና ትቁጠር፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ከዚያች ፊርማ በኋላ ያ ዱቄት በፈረቃ ኃላፊው እጅ ነው። ጠዋት 2፡00 እሱ ያንን ብቻ ያስጭናል፤ ዋናው መጋዘን እሷ እስክትመጣ ድረስ እንደተቆለፈ ይቆያል። ስትደርስ የቀረውን ቆጥራ ትረከባለች።

አንድ ችግር አለው። ሽያጭ ክፍሉ ማዘዣውን አዘግይቶ 11፡00 ላይ ካመጣው ጥድፊያ ይሆናል፤ በጥድፊያ ቆጠራ ደግሞ ስህተት አይጠፋም። ስለዚህ 10፡00 ያልደረሰ ማዘዣ በዚያ ማታ አይወጣም ብላችሁ ከአሁኑ ተስማሙ።

የሰው ኃይል ክፍል፣ ኮምቦልቻ

የመጋዘን ሰው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሽቦ የታጠረ ክፍል አለን፤ አሮጌ ጆንያ ነው ያለበት፤ ነገ እናስለቅቀዋለን። የፈረቃ ኃላፊውም ቆጥሮ እስከፈረመ ድረስ እሺ ብሏል። አዲሱን ደብዳቤ እነሆ፦

«ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ………

ጉዳዩ፦ የሥራ መግቢያ ሰዓት ስላለማክበር የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ጊዜያዊ የሥራ ሰዓት ማስተካከያ

የድርጅቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት ጠዋት 2፡00 መሆኑ በሥራ ውልዎ ተመልክቷል። ይሁን እንጂ ጥቅምት 3 ቀን 2፡22፣ ጥቅምት 4 ቀን 2፡31፣ ጥቅምት 14 ቀን 2፡18፣ ጥቅምት 27 ቀን 2፡26 እና ጥቅምት 28 ቀን 2፡35 ላይ መግባትዎን የሰዓት መቆጣጠሪያው መዝገብ ያሳያል። ጥቅምት 17 ቀን የዘገዩት መንገድ በመዘጋቱ ስለሆነ አልተቆጠረም። ጥቅምት 18 ቀን ስለ ጉዳዩ የቅርብ ኃላፊዎ በቃል አሳስበውዎታል።

በተጠቀሱት አምስት ቀናት መጋዘኑ በድምሩ ለ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ዘግይቶ ተከፍቷል። በዚህም ምክንያት የጭነት መኪኖችና በኩንታል የሚከፈላቸው ሠራተኞች ሥራ ፈትተው ጠብቀዋል።

ኅዳር 1 ቀን ባደረግነው ውይይት ባለቤትዎ ለሥራ ከከተማ በሚወጡበት ጊዜ ልጅዎን ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርሱት እርስዎ መሆንዎን አስረድተዋል። ድርጅቱ ምክንያቱን ተቀብሎ ከኅዳር 8 ቀን እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በእነዚህ ቀናት 2፡30 እንዲገቡና 11፡30 እንዲወጡ ፈቅዷል። ለዚህም በዋዜማው እስከ ምሽቱ 1፡00 ድረስ ለቅርብ ኃላፊዎ በስልክ መልእክት ያሳውቃሉ፤ በማግስቱ መጀመሪያ የሚጫነውንም ዱቄት በዚያው ቀን ከፈረቃ ኃላፊው ጋር ቆጥረው ያስረክባሉ።

በሌሎቹ ቀናት የመግቢያ ሰዓትዎ 2፡00 እንደሆነ ይቀጥላል። ያልታሰበ ነገር ሲገጥምዎ ከ2፡00 በፊት ይደውሉ። የአሠራሩን ሁኔታ ታኅሣሥ 8 ቀን አብረን እንገመግማለን።

ከዚህ በኋላ ያለበቂ ምክንያት ማርፈድ ቢደጋገም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት የሥራ ውልን እስከ ማቋረጥ ሊያደርስ እንደሚችል እናስጠነቅቃለን። በዚህ ደብዳቤ ላይ ያለዎትን አስተያየት በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ፤ ከደብዳቤው ጋር በማህደርዎ ይቀመጣል።

ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለሽያጭ ክፍል፣ ለፋይናንስ ክፍል፣ ለምርት ክፍል፣ ለግል ማህደር»

የሠራተኛ ጉዳይ ጡረተኛ

ጥሩ ደብዳቤ ነው። አሁን ማን ያረፈደው መቼ እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይታወቃል። ማብቂያ ቀን ማኖርህን ወድጄዋለሁ፤ ቀን የሌለው ፈቃድ አንዱ ወገን መብት ነው ሲል ሌላው ውለታ ነው እያለ ያጣላል።

ግልባጩን ግን ቁረጠው። ፋይናንስና ምርት ክፍል ይህን ለማወቅ ምን ያደርግላቸዋል? የአገራችን መሥሪያ ቤት ሰውን የሚያዋርደው በደብዳቤው ሳይሆን በግልባጩ ነው። አንድ ደብዳቤ በአራት ክፍል ሲዞር ጸሐፊዋም ተላላኪዋም ያነቡታል፤ ከሰዓት በፊት የሻይ ቤት ወሬ ይሆናል። ለቅርብ ኃላፊዋና ለግል ማህደሯ ይበቃል። ሽያጭ ክፍሉ ማወቅ ያለበት ማዘዣ እስከ 10፡00 እንዲደርስ ብቻ ነው፤ ለእሱ ስሟን ሳትጠቅስ የውስጥ ማስታወሻ ጻፍለት።

ስትሰጣት በእጅህ ስጣት፤ በጥበቃ አትላክ። ቅጂው ላይ መቀበሏን ብቻ ትፈርም፤ ፊርማው «ደርሶኛል» ማለት እንጂ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት አለመሆኑን ንገራት። ብዙ ሰው የማይፈርመው ይህ ስለማይነገረው ነው። አልፈርም ካለችም አትጫናት፤ ሁለት ሰዎች ባሉበት መሰጠቱን ጽፈው ይፈርሙ።

ጠበቃ ከወልዲያ

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ደብዳቤው ደኅና ነው፤ አንድ ክፍት ነገር ግን አያለሁ። ከማስጠንቀቂያው በፊት የነበሩት አምስት ቀናት ከስምንቱ ውስጥ ይቆጠራሉ ወይስ ቆጠራው ከዛሬ ይጀምራል? እኔ አንቀጹን የማነበው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ስምንት ብሎ ነው፤ ማስጠንቀቂያ በመካከሉ እስከተሰጠ ድረስ የቀደሙትም ይቆጠራሉ። በዚህ ንባብ የቀሯት ሦስት ናቸው። ስምንተኛው ከደረሰ ደግሞ አሠሪው ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

የሠራተኛ ጉዳይ ጡረተኛ

የ30 ቀኑን ጉዳይ እስማማለሁ። በቆጠራው ግን አልስማማም። ሕጉ በጽሑፍ እየተጠነቀቀ ሲል ሠራተኛው የሚመጣበትን አውቆ ደጋገመው ወይ የሚለውን ለማየት ነው። ሳይጻፍለት ያለፈውን ቀን ጨምሮ መቁጠር ይህን ያፈርሳል። እኔ አሠሪውን ብሆን ከደብዳቤው በኋላ ያለውን ብቻ እቆጥራለሁ፤ በዚህ መንገድ የተሰናበተ ሰው ሊከራከር የሚችልበት ቦታ ይጠብበታል።

ጠበቃ ከወልዲያ

ለጥንቃቄ ያሉት መንገድ ይሻላል፤ አልክድም። ሕጉ ግን እንደዚያ ያስገድዳል ለማለት አልደፍርም።

ነጋዴ ከደሴ

እኔ በሦስት ማስጠንቀቂያው ተሳስቻለሁ፤ እሺ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ነገ ሌላው ሠራተኛ «ለእሷ ተፈቅዷል፣ ለእኔስ?» ቢልህ ምን ትላለህ? ሱቅ ውስጥ ለአንዱ ያደረግሁትን ሁሉም ይጠይቀኛል።

የሰው ኃይል ክፍል፣ ኮምቦልቻ

ነጋዴው ወንድሜ፣ ያልኸው ሳይውል ሳያድር ደርሷል። ከጫኞቹ አንዱ የሚኖረው ሐርቡ ነው፤ «እኔም መኪና እያጣሁ ነው፤ 2፡30 ልግባ» ብሎኛል። መልሱን ገና አልሰጠሁትም።

ደብዳቤውን ግን ትናንት ኅዳር 3 ቀን ሰጥቻታለሁ። ግልባጩን እንደተባለው ቆርጬዋለሁ። ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ ባለቤቷና ልጇ የተጠቀሱበት ዓረፍተ ነገር እንዲቀየር። ማህደሩን ወደፊት ማን እንደሚያነበው አይታወቅም አለች። «በውይይታችን የገለጹትን የቤተሰብ ምክንያት ድርጅቱ ተቀብሎ» ብዬ ለወጥኩት፤ ዝርዝሩ በእኔ ማስታወሻ ላይ ይቀራል። ከዚያ ፈረመች። ዓርብ ማታ ባለቤቷ እንደሚወጣ ነግራኛለች፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጭነት ቅዳሜ ማታ ቆጥረን ለሰኞ እናወጣለን።

የሠራተኛ ጉዳይ ጡረተኛ

ዓረፍተ ነገሩን መለወጥህ መልካም ነው፤ እኔም ከመጀመሪያው ልነግርህ ይገባኝ ነበር።

ለሐርቡው ልጅ እንዲሁ አትከልክለው፤ እንዲሁም አትፍቀድለት። ለእሷ ያደረግኸውን ለእሱም አድርግ፤ መዝገቡን አውጣና ቀኖቹን አብራችሁ ተመልከቱ። ጫኝ ግን 2፡30 ቢገባ ማታ ከ11፡00 በኋላ የሚጫን መኪና ከሌለ ስምንት ሰዓቱን በምን ይሞላዋል? ይህን ከፈረቃ ኃላፊው ጋር አስልተህ የማይሆን ከሆነ ምክንያቱን ንገረው። መኪና ማጣቱ የጠዋት ከሆነ ከሐርቡ የሚመጡት ስንት እንደሆኑ ቁጠርና ሥራ አስኪያጁን አነጋግር፤ አምስት ስድስት ከሆኑ አንድ ሚኒባስ በወር ኮንትራት መያዝ ይቻል ይሆናል።

የመጋዘን ሰው

ሰኞ የሚወጣውን ቅዳሜ ስታወጡ አንድ ነገር አስታውሱ። እሑድ ሙሉ ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ያድራል። ጣሪያው የሚያፈስ እንዳይሆን አሁኑኑ እዩት፤ ጆንያውንም በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፤ ሥሩ እንጨት አንጥፉ። የተቆጠረው ኩንታል ደኅና ሆኖ ዱቄቱ እርጥበት ቢጠጣ ያው ጭቅጭቅ ነው።